ካሮቱና ጥቅል ጎመኑ እኩል እንዲደርሱልሽ፣ በደሴ ምድጃ

ጥያቄ፦ «ሰላም ናችሁ? ኮምቦልቻ እያለሁ ጥቅል ጎመን በካሮት ስሰራ ጥሩ ይወጣልኝ ነበር። ደሴ ከገባሁ ወዲህ ግን ካሮቱ እስኪበስል ጎመኑ ላሽቆ ግራጫ ይሆናል፣ ጎመኑ ደህና እያለ ካወጣሁት ደሞ ካሮቱ ጥሬ ነው። በከሰል ነው ምሰራው፣ ሁሉንም ባንዴ ከትቼ ውሃ ጠብ አድርጌ እከድነዋለሁ። ውሃ ልጨምርበት? ጎረቤቴ ደሞ ሶዳ ጣል አርጊበት ብላኛለች።»

መልስ፦

ሰላም እህቴ፣ ውሃም አትጨምሪ ሶዳውንም ተይው፣ ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ። እኔ ኮምቦልቻ ሆቴል ኪችን ውስጥ ጀምሬ አሁን ደሴ ላይ ለሰርግና ለዝግጅት ነው ማበስለው፣ ይሄን ያልሽውን ነገር የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ ላይ ማብሰል የጀመርኩ ሰሞን እኔም በደንብ አይቼዋለሁ። ችግሩ ያለው «ሁሉንም ባንዴ ከትቼ» ያልሽው ላይ ነው። ኮምቦልቻም እያለሽ ስህተቱ ነበረ፣ ግን እዛ ይሸፈንልሽ ነበር፣ ደሴ ግልጥ አረገው።

ምን መሰለሽ፣ አትክልት ሲበስል ሚለሰልሰው ውስጡ ያለው ሙጫ ስለሚሟሟ ነው። ፔክቲን ይሉታል፣ የአትክልቱን ጥቃቅን ክፍሎች አጣብቆ የያዘው እሱ ነው። ይሄ ሙጫ በደንብ መላላት ሚጀምረው ሙቀቱ ከ80 ዲግሪ በላይ አልፎ ወደ 85 ሲጠጋ ነው፣ ከዛ በላይ እያንዳንዷ ዲግሪ ፍጥነቱ ላይ ለውጥ አላት። ካሮት ስር ነው፣ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ሙቀቱ መሃሉ እስኪደርስም ጊዜ ይወስዳል። የጥቅል ጎመን ቅጠል ግን ስስ ነው፣ እንፋሎት ካገኘው ወዲያው ይሞቃል። ስለዚ ሁለቱን እኩል ከጀመርሻቸው እኩል ሊደርሱ አይችሉም፣ የትም ሀገር ቢሆን።

ደሴ ላይ ሚብሰው በከፍታው ምክንያት ነው። ደሴ ከባህር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ደሞ 1,850 ገደማ። ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ሚባለው ባህር ዳርቻ ላይ ላለ ሰው ነው፣ ወደ ላይ በወጣሽ ቁጥር በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ኮምቦልቻ ወደ 94 ላይ ይፈላል፣ ደሴ ወደ 92 ላይ። ሁለት ዲግሪ ምን አላት ትይኝ ይሆናል፣ እውነትም ብቻዋን ብዙ አይደለችም፣ ካሮቱ ላይ ሁለት ሶስት ደቂቃ ነው ምትጨምርብሽ። ግን ያቺ ሁለት ሶስት ደቂቃ ነች ጎመኑን ምትገለው፣ ምክንያቱም ጎመኑ ከደረሰ በኋላ ሚጠብቅልሽ ደቂቃ የለውም። ዩቲዩብ ላይ አይተሽ ደቂቃ ምትቆጥሪ ከሆነ ደሞ ልዩነቱ ከዚ ይሰፋል፣ ቆላ ወይ ባህር ዳርቻ ላይ ሆነው ሚሰሩ ከሆነ የነሱ ውሃ ካንቺ ውሃ እስከ ስምንት ዲግሪ ይበልጣል።

እዚጋ ብዙ ሰው ሚሳሳተው ነገር አለ፣ ካሮቱ እምቢ ሲል ከሰል ይጨምራል። ውሃ አንዴ ከፈላ በኋላ ፍሙን ብታበዢው ቶሎ ይተናል እንጂ ከ92 አያልፍም፣ ምትጨምሪው ከሰል ሁሉ እንፋሎት ሆኖ ነው ሚሄደው። ተራ ክዳንም ሙቀቱን አያሳድገውም፣ እንፋሎቱን ይይዝልሻል እንጂ። ሙቀቱን ከፍ ሚያረገው ፕሬዠር ማብሰያ ብቻ ነው፣ እሱ ደሞ ለባቄላና ለሽምብራ እንጂ ለጥቅል ጎመን አይሆንም፣ ፉጨቱን እስክትሰሚ ጎመኑ አልቆለታል።

ሌላ ደሞ ያንቺን ጥያቄ ሳነብ የጠረጠርኩት ነገር አለ። ከሰሉ ገና በደንብ ሳይያያዝ ነው ድስቱን ምትጥጅው? ከሆነ ካሮቱን ራስሽ እያጠነከርሽው ነው። ካሮት ውስጥ ከ50 እስከ 65 ዲግሪ አካባቢ ባለ ሙቀት ሚነቃ ነገር አለ፣ ኢንዛይም ነው፣ ያንን ሙጫ ያጠብቀዋል። ካሮቱ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ሃያ ሰላሳ ደቂቃ ከተንጠለጠለ ሙጫው ጠብቆ ይቀራል፣ ከዛ በኋላ ብታፈይውም በቀላሉ አይለሰልስም። የታሸገ አትክልት ሚሰሩ ፋብሪካዎች ሆን ብለው ሚጠቀሙበት ነገር ነው፣ ቆርቆሮ ውስጥ እንዳይፈርስ። አንቺ ግን አትፈልጊውም። ምልክቱን ልንገርሽ፣ እንደዚ የሆነ ካሮት ላዩ የበሰለ ይመስላል፣ ጥርስ ሲያርፍበት ግን እንደ ላስቲክ ይመልሳል፣ ጥሬ ካሮት እንደሚለው ቀጭ አይልም። ስለዚ ካሮት ሁሌም ሚገባው የጋለ ነገር ላይ ነው፣ ወይ የጋለ ዘይት ወይ የፈላ ውሃ።

አሁን ቀለሙ። የካሮቱ ቀለም አያሳስብሽ፣ ሙቀትን ይችላል፣ ውሃ ውስጥም አይሟሟም። ሚሟሟው ዘይት ውስጥ ነው፣ ለዛ ነው ካሮት ስታቁላይ ዘይቱ ብርቱካንማ ሚሆነው፣ ያ ዘይት ደሞ ጎመኑን ይቀባውና ሳህኑ ላይ ደስ ሚል ወርቃማ ነገር ይሰጥሻል። ውሃ ከካሮት ሚወስደው ጣፋጭነቱን ነው። ካሮቱን ለብቻ ቀቅለው ውሃውን ደፍተው ከጎመኑ ጋር ሚቀላቅሉ አሉ፣ ቀለሙ ይቆያል ግን ምን ዋጋ አለው፣ ከስኳሩ ከፊሉ ከውሃው ጋር ሄዷል፣ ጣዕሙ የቀነሰ ካሮት ነው ሚቀርሽ።

ሚጠፋው የጎመኑ ቀለም ነው። አረንጓዴው ነገር ከአሲድ ጋር አይስማማም፣ ጎመኑ ራሱ ደሞ ሲሞቅ አሲድ ይለቃል። ክዳኑ ክፍት ከሆነ ከፊሉ ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከእንፋሎቱ ጋር ይወጣል። ከድነሽ ከያዝሽው ግን ክዳኑ ላይ ጠብ ጠብ ብሎ ተመልሶ ጎመኑ ላይ ይወርዳል፣ አረንጓዴው ወደ ቡላ ይለወጣል፣ ነጩም ይደበዝዛል። ሽታውም እንደዛው ነው። የበዛ ጊዜ የበሰለ ጥቅል ጎመን ሚሸተውን የተበላሸ እንቁላል መሳይ ሽታ ታውቂው የለ? እሱ ከጎመኑ ውስጥ ካለው ድኝ ነው ሚመጣው፣ በቆየ ቁጥር ይጨምራል፣ አምስት ስድስት ደቂቃ ላይ ምንም ያልሸተተ ጎመን አስር አስራ አምስት ላይ ቤቱን ይሞላዋል። ስለዚ ቀለሙንም ጣዕሙንም ምታድኚው ባንድ ነገር ነው፣ ጎመኑ እሳት ላይ ሚቆይበትን ጊዜ በማሳጠር። ጎመኑን ማሳጠር ምትችይው ደሞ ካሮቱ ቀድሞ ከተነሳ ብቻ ነው።

ሶዳው እዚጋ ነው ሚያሳስተው። እውነት ነው አሲዱን ያጠፋል፣ አረንጓዴውም ይደምቃል፣ ጎረቤትሽ ያየችውን ነው የነገረችሽ። ግን ያንኑ ሙጫ ደሞ በፍጥነት ያፈርሰዋል፣ ጎመኑ ሙክክ ብሎ እጅ ላይ ሚሟልጭ ይሆናል፣ ነጩ ክፍል ቢጫ ይመታዋል፣ ጣዕሙ ሳሙና ሳሙና ይላል፣ ቫይታሚን ሲውም ይጎዳል። እርድ ካደረግሽበት ደሞ ይባስ፣ እርድ ሶዳ ሲነካው ከቢጫነት ወጥቶ ወደ ቀይ ቡናማ ይሄዳል። አልጫ ሰርተሽ ቀላ ብሎ ከወጣብሽ ሶዳው በዝቷል ማለት ነው።

እሺ እንስራው። ለአራት ለአምስት ሰው ሚሆን ነው፣ ደሴ ላይ እኔ እንደምሰራው። ግማሽ መካከለኛ ጥቅል ጎመን፣ ከተጸዳ በኋላ 600 ግራም ሚሆን፣ ሶስት ካሮት፣ 300 ግራም ገደማ፣ አንድ ትልቅ ቀይ ሽንኩርት፣ አራት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ሶስት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ ዝንጅብል፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ለጥ ያለ፣ ሁለት ቃሪያ። ካሮት ስትገዢ ቀጫጭኑን ምረጪ፣ ወፍራሙ ሲያረጅ መሃሉ እንጨት ይሆናል፣ እሱን የቱንም ያህል ብታበስይው አይለሰልስም፣ ከገዛሽው ደሞ ለሁለት ሰንጥቀሽ ያንን ገረጣ ያለ ልቡን አውጪለት። ጥቅሉ ደሞ ስታነሺው ለመጠኑ ከባድ የሆነው ነው ጥሩው፣ ከላይ አረንጓዴ ቅጠሉን ሙልጭ አርገው ያልላጡትን ካገኘሽ ውሰጂው፣ ቀለሙ ያለው እዛ ነው።

አቆራረጡ ላይ አትቸኩይ፣ ግማሹ ስራ እሱ ነው። ካሮቱን ሰያፍ አርገሽ፣ ውፍረቱ ከግማሽ ሴንቲ ያነሰ፣ ሁሉም አንድ አይነት። አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን ከሆነ ወፍራሙን ስትጠብቂ ቀጭኑ ይፈርሳል። ጎመኑን ጉቶውን አውጥተሽ ጣት በሚያህል ስፋት ክተፊው፣ እንደ ክር አታቅጥኚው፣ ቀጭኑ ነው ቶሎ ሚላሽቀው። ከዛ ስትከትፊ ወደ ጉቶው ያለውን ነጭ ወፍራም ክፍል ለብቻ፣ ስስ ቅጠሉን ለብቻ ሁለት ሳህን ላይ አርጊው። ይሄን ሳደርግ ሚያዩኝ ልጆች ሁሌ ይገርማቸዋል፣ አንድ ጎመን አይደል እንዴ ይላሉ፣ ግን አንድ አይደለም፣ ነጩ ክፍል ከቅጠሉ ይልቅ ለካሮቱ ይቀርባል።

ከሰሉ አመድ እስኪለብስ ይያያዝ፣ ሰፊ ድስት ጣጂ፣ ጠባብና ጥልቅ ሳይሆን ሰፊ፣ እንፋሎቱ መውጫ እንዲያገኝ። ዘይቱ ሲግል ሽንኩርቱን ጨምረሽ አምስት ደቂቃ አቁላይው፣ እንዲለሰልስና እንዲያብረቀርቅ እንጂ እንዲቀላ አይደለም፣ ከቀላ የአልጫውን ቀለም ያጠቁረዋል። ከዛ ካሮቱን ከትተሽ ሁለት ደቂቃ በደንብ አማስይው ዘይቱ ሁሉንም እስኪቀባው። ዘይት ከ92 ዲግሪ በላይ በጣም ይሄዳል አይደል፣ የካሮቱ መሃል ግን ውሃ ስላለው ከዛ አያልፍም፣ ዘይቱ ሚጠቅምሽ ሙቀቱን ባንዴ ስለሚያደርስለትና ያንን ሚያጠነክረውን ለብታ ቶሎ ስለሚያሻግርልሽ ነው፣ ጣፋጩም ዳር ዳሩ ላይ ትንሽ ይጠበሳል። አሁን ሶስት የሾርባ ማንኪያ የፈላ ውሃ ጠብ አርጊና ክደኚው፣ አምስት ደቂቃ። ቀዝቃዛ ውሃ አይሁን።

ስትከፍቺው ሹካ ካሮቱ ላይ ሞክሪ። ሹካው ጫፉ ገብቶ መሃሉ ላይ ሚይዝ ከሆነ ልክ ነው፣ ሲሶው ነው የቀረው። ጭራሽ ማይገባ ከሆነ ሁለት ደቂቃ ጨምሪለት፣ ጎመኑን ለመጨመር አትቸኩይ፣ ሙሉው ነገር ሚወሰነው እዚች ላይ ነው። ኮምቦልቻ ብትሆኚ ይሄ ሶስት አራት ደቂቃ ላይ ይደርስልሽ ነበር። ከደረሰ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉንና እርዱን ጨምሪ፣ ግማሽ ደቂቃ አገላብጪው፣ ነጭ ሽንኩርት ቀድሞ ከገባ ይመራል። እርድ ላይ እጅሽን ያዝ አርጊው፣ ከበዛ ካሮቱም ጎመኑም ሽንኩርቱም አንድ ቢጫ ይሆኑና የደከምሽበት ቀለም አይታይም።

ቀጥሎ ነጩን የጎመን ክፍል ከጨውሽ ግማሽ ጋር ጨምሪ፣ አማስይና ሶስት ደቂቃ ክደኚው። ውሃ አትጨምሪ፣ ጎመን ከመቶ ዘጠናው ውሃ ነው፣ ጨው ሲነካው ራሱ ያወጣዋል፣ ያንቺ ግራጫ ሾርባ ከየት መጣ ካልሽ ከዛ ነው፣ የጎመኑ ውሃ ባለበት ላይ ሌላ ውሃ። ከዛ ክዳኑን አንሺውና ራቅ አርገሽ አስቀምጪው፣ ከዚ በኋላ አትፈልጊውም። ቅጠሉን ከቀረው ጨው ጋር ጨምሪ፣ እሳቱ ጠንከር ይበል፣ ከታች ወደ ላይ እያገላበጥሽ አራት አምስት ደቂቃ። በጣም አታማስይው፣ ማንኪያው ነው ቅጠሉን ሚያደቀው፣ በየደቂቃው አንዴ ይበቃል። ቃሪያውን መጨረሻ ላይ ሰንጥቀሽ ጣል።

መድረሱን በሰዓት አትመኚ፣ ከሰል በነፋስ ይለዋወጣል። ቅጠሉ መጀመሪያ ሲሞቅ አረንጓዴው ይደምቃል፣ ከጥሬውም በላይ፣ ያ መልካም ነው። ነጩ ክፍል ብርሃን ሚያሳልፍ ይመስላል፣ ብታጥፊው ይተጣጠፋል ግን አይበጠስም። ድስቱን ዘንበል ስታረጊው ጥግ ላይ ሚጠራቀመው ብርቱካንማ ዘይትና ጥቂት ጭማቂ ብቻ ነው። ያኔ አውርጂው። ደማቁ አረንጓዴ ወደ ቡላ መዞር ከጀመረ አንድ ደቂቃ አልፏል፣ ቶሎ አውርጂው። ወፍራም ድስት ወይ ሸክላ ከሆነ ከእሳት ከወረደም በኋላ ያበስላል፣ ስለዚ ትንሽ ጥሬ ጥሬ ሲልሽ አውርጂና ወደ ሰፊ ትሪ ወይ ሳህን ገልብጪው። ትኩሱን ባለበት ከድነሽ እንዳትተይው፣ ስንት ሰው እዚ ደርሶ ነው ሚያበላሸው።

ይሄን መጨረሻውን የተማርኩት ከባድ በሆነ መንገድ ነው። ደሴ ላይ አንድ የጾም ድግስ ነበር፣ ሰው ብዙ ነው፣ ሌላ ሰው ባዘጋጀው ትልቅ ብረት ድስት ውስጥ አርባ ኪሎ ጎመን ከካሮቱ ጋር ባንዴ ገብቶ አገኘሁት። ከታች ያለው ሲንተከተክ ከላይ ያለው ገና ቀዝቃዛ ነበር፣ ለማገላበጥ ሁለት ሰው በትልቅ ማማሰያ ታገለ፣ ከታች ያለው ደቀቀ። ካሮቱ ደሞ መሃል ላይ ለብ ባለው ውስጥ ቆይቶ እንደ ላስቲክ ሆነ። ከወረደ በኋላ ተከድኖ ሁለት ሰዓት ጠበቀ፣ ሲከፈት ሽታው ከቤት አልፎ ደጅ ደረሰ። አስተናጋጆቹ ይዘውት ሲወጡ የሰዉ ፊት እስካሁን አይጠፋኝም። ከዛ ወዲህ ለድግስ እንኳን ቢሆን ካሮቱን ለብቻ በሰፊ ድስት ቀድሜ አደርሳለሁ፣ ጎመኑን ግን ከአምስት ኪሎ ሳላስበልጥ በየዙሩ ነው ማበስለው፣ እያንዳንዱን ዙር ትሪ ላይ ዘርግቼ አቀዘቅዛለሁ፣ ሲቀርብ ነው ማገናኘው። ስራ ይበዛል፣ እውነቴን ነው፣ ግን ሌላ መንገድ አላገኘሁለትም።

ቲማቲም ምትወጂ ከሆንሽ ወይ ሎሚ፣ ሁለቱም አሲድ ናቸው፣ ካሮቱ ሳይበስል ከገቡ ሙጫውን አጥብቀው ይይዙታል፣ አረንጓዴውንም ያጠፉታል። ቲማቲም ካሮቱ ከደረሰ በኋላ ጥቂት፣ ሎሚ ደሞ ሳህን ላይ። ድንች ምትጨምሪ ከሆነ ከካሮቱም ቀድሞ ይግባ፣ ደሴ ላይ ድንችም እንደ ካሮት ጊዜ ይፈልጋል። ቀይ ጥቅል ጎመን ግን ከዚ አታስገቢ፣ ቀለሙ ውሃ ውስጥ ይሟሟል፣ ሁሉንም ወይን ጠጅ ያረግብሻል።

ለነገ ምታስተርፊ ከሆነ የነገውን ድርሻ ቅጠሉ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ለይተሽ አንሺው፣ ዘርግተሽ አቀዝቅዘሽ ከዛ ክደኚው። ነገ ስታሞቂው ድስት ውስጥ አትክደኚው፣ ሰፊ መጥበሻ ላይ ጠብታ ዘይት፣ ጠንካራ እሳት፣ ሁለት ደቂቃ፣ የቀረውን ያኔ ይጨርሳል።